አንዲት ቢት ስትንሸራተት፦ የኤስፒአይ ሞድ፣ የክሎክ ደረጃ እና ቺፕ ሰሌክት

ጥያቄ፦ ኤዲኤክስኤል345 አክስለሮሜትርን ብቻውን ሳገናኘው መለያውን `0xE5` ብሎ በትክክል ይመልሳል። በዚያው ባስ ላይ ደብሊው25ኪው64 ፍላሽ ስጨምር ግን፣ ፍላሹን ካነበብኩ በኋላ አንዳንዴ `0xE5` አንዳንዴ `0xFF` ይመጣል። ፍላሹ በትክክል ይሠራል። ሴንሰሩን ከሞድ 3 ወደ ሞድ 0 ሳዞረው ደግሞ ሁልጊዜ `0xF2` ነው። ሽቦውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ችግሩ የት ነው?

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። ሽቦውን ለጊዜው ተወው። ያመጣሃቸው ቁጥሮች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። በሁለትዮሽ ጽፈን አንዱን ከሌላው በታች እናስቀምጣቸው።

```
0xE5 = 1110 0101
0xF2 = 1111 0010
```

መጀመሪያ `0xF2`ን ተመልከት። የፊቷን ቢት ሸፍናት። የቀረው `1110010` ነው። ይህ የ`0xE5` የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቢቶች ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መረጃ መጥቷል፤ ግን አንድ ቢት ወደ ቀኝ ተገፍቷል።   

ይህን ነገር አጥብቀህ ያዘው። ወደ ቀኝ የተንሸራተተ ንባብ ማለት ቺፑ አንድ የክሎክ ምት ዘግይቷል ማለት ነው። `0xFF` ደግሞ የመጣው ቺፑ አንተ ያልቆጠርከውን አንድ ጠርዝ ስላየ ነው። ስለዚህ ያሉህ ችግሮች ሁለት ናቸው፤ ምክንያታቸውም የተለያየ ነው።  ወደ `0xFF` ኋላ እመለሳለሁ።

ሁለቱንም ለመረዳት ሞድ የሚባለውን ነገር ከሠንጠረዥ ሳይሆን ከክሎኩ ጠርዝ እንየው። `CPOL` የሚለው ቅንብር የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማንም በማያወራበት ጊዜ የክሎኩ መስመር የት ያርፋል? 0 ከሆነ ዝቅ ብሎ፣ 1 ከሆነ ከፍ ብሎ። `CPHA` ደግሞ ቢቷ የምትነበበው ክሎኩ ከዕረፍቱ ሲነሳ በመጀመሪያው ጠርዝ ነው ወይስ በሁለተኛው የሚለውን ይወስናል። 0 ከሆነ በመጀመሪያው፣ 1 ከሆነ በሁለተኛው ትነበባለች። የሞዱ ቁጥር የሁለቱ ጥምር ነው። ሞድ 0 ሁለቱም 0 የሆኑበት፣ ሞድ 3 ሁለቱም 1 የሆኑበት ነው።

አሁን ሞድ 0ን እና ሞድ 3ን አስተያያቸው። በሞድ 0 ክሎኩ ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ የመጀመሪያው ጠርዝ ወደ ላይ የሚወጣው ነው፤ ቢቷም እዚያው ትነበባለች። በሞድ 3 ክሎኩ ከፍ ብሎ ያርፋል። የመጀመሪያው ጠርዝ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለተኛው ይወጣል፤ ቢቷ የምትነበበው በሁለተኛው ነው። ሁለቱም ሞዶች የሚያነቡት ወደ ላይ በሚወጣው ጠርዝ ነው ማለት ነው። ልዩነታቸው ሞድ 3 ከመጀመሪያው ንባብ በፊት አንድ ተጨማሪ የሚወርድ ጠርዝ ያለው መሆኑ ብቻ ነው። ያንተ ችግር በሙሉ ያለው በዚህች አንዲት ጠርዝ ላይ ነው።

የአክስለሮሜትሩ ዳታ ሺት `CPOL=1` እና `CPHA=1` ይላል፤ ማለትም ሞድ 3። ቺፑ ትዕዛዝህን የሚቀበለው በሚወጣ ጠርዝ፣ መልሱን የሚያወጣው በሚወርድ ጠርዝ ነው። በሞድ 3 ስምንቱ የትዕዛዝ ቢቶች ስምንት የሚወርዱ ጠርዞችን ይጠቀማሉ። የመልሱ የመጀመሪያ ቢት የሚወጣው በዘጠነኛው የሚወርድ ጠርዝ ነው። ወዲያው በዘጠነኛው የሚወጣ ጠርዝ ታነበዋለህ።

ሞድ 0 ስታደርገው ክሎኩ የሚጀምረው በመውጣት ነው። ትዕዛዙ ችግር የለበትም፤ ስምንት የሚወጡ ጠርዞች አሉና መለያውን አንብብ የሚለው `0x80` በትክክል ይደርሳል። ግን ዘጠነኛው የሚወጣ ጠርዝ ሲመጣ ቺፑ ያየው የሚወርድ ጠርዝ ገና ስምንት ነው። መልሱን አላወጣም። አንተ የምታነበው በመስመሩ ላይ በአጋጣሚ የተገኘውን ነገር ነው፤ ባንተ ሁኔታ 1። ከዚያ በኋላ መረጃው አንድ ምት ዘግይቶ ይከተላል። `0xF2` የመጣው እንዲህ ነው። ሁሉም ቺፕ እንዲህ አይደለም። ስምንተኛውን የሚወጣ ጠርዝ ቆጥሮ በሚቀጥለው የሚወርድ ጠርዝ መልስ የሚጀምር ቺፕ በሞድ 0ም በሞድ 3ም ይሠራል። ፍላሽህ ከነዚህ አንዱ ነው። ይህን አስታውስ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ስለዚህ ወደ ሞድ 0 መዞር መፍትሔ አይደለም። ሴንሰሩን ወደ ሞድ 3 መልሰው። አሁን ዋናው ጉዳይ፣ `0xFF`፣ ይቀራል።

ኮድህን አላየሁትም። ግን ቁጥሩን አይቼ እንዲህ እንደሚል እገምታለሁ።

```cpp
digitalWrite(ACC_CS, LOW);
SPI.beginTransaction(accCfg);   // SPI_MODE3
SPI.transfer(0x80);
```

ፍላሹን በሞድ 0 አንብበህ ስትጨርስ ክሎኩ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ከዚያ የሴንሰሩን ቺፕ ሰሌክት ታወርዳለህ። ሴንሰሩ ተነስቶ መስማት ይጀምራል። ሁለተኛው መስመር ሞዱን ወደ 3 ሲቀይር የክሎኩ የዕረፍት ደረጃ ከዝቅ ወደ ከፍ ይዘላል። ላንተ ይህ ቅንብር መቀየር ነው። ለሴንሰሩ ግን የሚወጣ ጠርዝ ነው። የሚወጣ ጠርዝ ደግሞ ለእሱ «ቢት አንብብ» ማለት ነው። ገና አንዲት ቢት ሳትልክ እሱ አንድ ቢት ተቀብሏል።

የተቀበላት ቢት ምን ነበረች? በሞሲ መስመር ላይ የተገኘችው ናት። በብዙ ማይክሮኮንትሮለሮች ይህ መስመር መጨረሻ የተላከውን ቢት ይዞ ይቆያል። ፍላሹን ስታነብ መሙያ ባይት አድርገህ `0xFF` ልከህ ከነበረ መስመሩ ከፍ ብሎ ቀርቷል። `0x00` ልከህ ከነበረ ዝቅ ብሏል። «አንዳንዴ» ያልከው የሚመጣው ከዚህ ነው።

መስመሩ ከፍ ብሎ የቀረ እንደሆነ፣ ሴንሰሩ የሚሰማው ትዕዛዝ አንድ 1 ከፊቱ የተጨመረበት `0x80` ነው። ስምንቱ ቢቶች `11000000` ይሆናሉ፤ ማለትም `0xC0`። በዚህ ቺፕ የመጀመሪያዋ ቢት 1 ስትሆን «አንብብ»፣ ሁለተኛዋ 1 ስትሆን «በተከታታይ» ማለት ነው። አድራሻው አሁንም 0 ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ ትክክለኛውን ሬጅስተር ይመልሳል፤ ትርፉ ጠርዝ የሚወጣ ስለሆነ የሚወርዱትን ጠርዞች ቁጥር አይለውጥም፣ መልሱም በቦታው ይመጣል።  ውጤቱ `0xE5` ነው፤ ስህተቱ ግን ተደብቆ አለ። 

መስመሩ ዝቅ ብሎ ከቀረ ግን ነገሩ ይከፋል። ሴንሰሩ የሚሰማው `01000000` ነው፤ ማለትም `0x40`። የመጀመሪያዋ ቢት 0 ናት። ይህ የመጻፍ ትዕዛዝ ነው! አንተ ልታነብ ሄደህ ሴንሰሩ ልትጽፍበት የመጣህ መሰለው። የሚመልሰው መረጃ ስለሌለ ሚሶ መስመር ላይ ማንም አያወራም፤ አንተም `0xFF` ታነባለህ። በ`0xF2` ፊት የታየችው 1 ከዚህ ጋር ትስማማለች፤ መስመሩ ነፃ ሲሆን ከፍ ይላል ማለት ነው። መለያው የሚነበብ ብቻ ስለሆነ እዚህ የተበላሸ ነገር የለም። ነገር ግን ንባብ ወደ ጽሑፍ መቀየሩን ቀላል አድርገህ አትየው። በዚሁ መንገድ ሌላ ቺፕ ላይ የማስተካከያ ሬጅስተር ሊደመሰስ ይችላል።

ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ። ሴንሰሩ ብቻውን ሳለ ለምን ሠራ? ክሎኩ አንዴ ወደ ሞድ 3 ከፍ ካለ በኋላ የሚያወርደው ሌላ ቺፕ ስላልነበረ ነው። ምናልባት ከማብራት በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ንባብ ብቻ ተሳስታ አልፋ ይሆናል። ፍላሹስ ለምን አይታመምም? ከሞድ 3 ወደ ሞድ 0 ስትመለስ ክሎኩ የሚፈጥረው ትርፍ ጠርዝ የሚወርድ ነው። ፍላሹ ትዕዛዝ የሚያነበው በሚወጣ ጠርዝ ስለሆነ አይቆጥረውም። ስህተቱ ሁለቱም ጋ አለ፤ የሚታየው ግን አንዱ ጋ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ክሎኩ መጀመሪያ የዕረፍት ቦታውን ይያዝ፤ ቺፕ ሰሌክቱ ከዚያ በኋላ ይውረድ።

```cpp
SPISettings accCfg(1000000, MSBFIRST, SPI_MODE3);

uint8_t readId() {
  SPI.beginTransaction(accCfg);
  digitalWrite(ACC_CS, LOW);
  SPI.transfer(0x80);
  uint8_t id = SPI.transfer(0x00);
  digitalWrite(ACC_CS, HIGH);
  SPI.endTransaction();
  return id;
}
```

አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንዳንድ ማይክሮኮንትሮለሮች ሞዱን መቀየር ብቻውን የክሎኩን ፒን አያንቀሳቅስም። ፒኑ አዲሱን ደረጃ የሚይዘው የኤስፒአይ ክፍሉ ሲበራ ወይም የመጀመሪያው ባይት ሲላክ ነው። እንዲህ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ብታስተካክልም ጠርዙ ቺፕ ሰሌክቱ ከወረደ በኋላ ይመጣል። ያኔ ሞዱን ቀይረህ፣ ሁሉም ቺፕ ሰሌክቶች ከፍ እንዳሉ አንድ ባዶ ባይት ላክ። ማንም አይሰማውም፤ ክሎኩ ግን ቦታውን ይይዛል።

ባንተ ቦርድ ላይ ግን እኔ ብሆን ከዚህም የቀለለውን እመርጥ ነበር። ፍላሹ ሞድ 0ንም ሞድ 3ንም ይቀበላል። ስለዚህ ሁለቱንም በሞድ 3 አሠራቸው። ክሎኩ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ የሚቀያየር ደረጃ አይኖርም። ብዙ ቺፕ ያለበት ባስ ሳቅድ መጀመሪያ የማየው ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ሞድ መኖር አለመኖሩን ነው። የክሎክ ፍጥነት ከቺፕ ቺፕ ቢለያይ ብዙ አያስጨንቅም። የዕረፍት ደረጃው ሲለያይ ነው ጣጣው።

ይህን ለማረጋገጥ ሎጂክ አናላይዘር ካለህ ቺፕ ሰሌክቱ በሚወርድበት ቅጽበት አስቁመው። በዚያች ቅጽበት ክሎኩ የት እንዳለ እይ። ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ከዚያ ቺፕ ሰሌክቱ ዝቅ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚወጡትን ጠርዞች ቁጠር። ሁለት ባይት ከላክህ 16 መሆን አለባቸው። 17 ካገኘህ ነገሩ ታወቀ። ፕሮግራሙ ተርጉሞ የሚያሳይህን ባይት ግን አትመን። እሱ የሚተረጉመው አንተ በሰጠኸው ሞድ ነው፤ ሞዱን ከተሳሳትክ እሱም አብሮህ ይሳሳታል። ጥሬውን ጠርዝ ቁጠር። ሞሲን ከሚሶ ጋር አገናኝቶ መሞከርም ሞድን አይፈትሽም። በዚያ ሙከራ ላኪውም ተቀባዩም ያው ማይክሮኮንትሮለር ስለሆነ በአራቱም ሞዶች ከራሱ ጋር ይስማማል።

አናላይዘር ከሌለህ ፍጥነቱን ከ1 ሜጋኸርዝ ወደ 100 ኪሎኸርዝ አውርደው። ስህተቱ ቅርጹን ሳይቀይር ከቀጠለ ችግሩ ሞድ ወይም ቺፕ ሰሌክት ነው፤ የጎደለ ወይም የተረፈ ጠርዝ በፍጥነት አይለወጥም። ስህተቱ ከጠፋ ያኔ ሽቦ ርዝመትና ግራውንድ ጋ ተመለስ። ፍጥነት ስትቀንስ ስህተቱ ከባሰ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ። እሱ እኔን ሁለት ቀን አስለቅሶኛል።

አንድ ቦርድ ላይ ፍላሽ የምጽፍበት ኮድ ነበረኝ። በ8 ሜጋኸርዝ ያለ ችግር ይጽፋል። ለመፈተሽ ብዬ ወደ 200 ኪሎኸርዝ ሳወርደው ምንም አይጻፍም። ሁሉም ነገር በዝግታ ይሻላል ብዬ ስለማምን በተቃራኒው አቅጣጫ ስፈልግ ቆየሁ። ጥፋቱ ቺፕ ሰሌክቱን ቶሎ ማንሳቴ ነበር። ባይቱን ወደ መላኪያው ሬጅስተር ጽፌ፣ ሬጅስተሩ ባዶ ሆነ የሚለውን ምልክት አይቼ መስመሩን አነሳለሁ። ግን ሬጅስተሩ ባዶ ሆነ ማለት ባይቱ ወደ ውስጠኛው መግፊያ ገባ ማለት ብቻ ነው፤ ሽቦው ላይ አለቀ ማለት አይደለም። በ8 ሜጋኸርዝ ስምንት ቢት የሚወስደው 1 ማይክሮሰከንድ ነው። ኮዴ እስኪደርስ ያልቃል። በ200 ኪሎኸርዝ ግን 40 ማይክሮሰከንድ ይፈልጋል። መስመሩን የማነሳው ገና በባይቱ መካከል ነበር።

ፍላሽ ለዚህ ምሕረት የለውም። የመጻፊያ ፈቃድ ትዕዛዙ `0x06` የሚጸናው ቺፕ ሰሌክቱ ስምንተኛዋ ቢት ከገባች በኋላ ሲነሳ ነው። ገጽ የሚጽፈው `0x02`ም የመጨረሻው ባይት ሙሉ ሳይሆን መስመሩ ከተነሳ ሥራውን አይጀምርም። ስህተት ብሎ የሚመልሰው ነገርም የለም፤ ዝም ይላል። በኤስቲኤም32 ላይ ከሆንክ መስመሩን ከማንሳትህ በፊት `TXE` ብቻ ሳይሆን `BSY` እስኪጠፋ ጠብቅ። ዲኤምኤ ስትጠቀምም እንዲሁ ነው። የላኪው ዲኤምኤ ጨረስኩ ሲል የመጨረሻው ባይት ገና በመንገድ ላይ ነው። የ`SPI.transfer` ተግባር ባይቱ እስኪያልቅ ስለሚጠብቅ ያንተ ኮድ ከዚህ ነፃ ነው። ወደ ሌላ ላይብረሪ ስትሄድ ግን ይህን አስብ።

አሁን ወደ ራስህ ቦርድ ልመለስ። ይህ ሴንሰር አንድ የራሱ ጠባይ አለውና ሳትሰማው እንድትሄድ አልፈልግም። ኤዲኤክስኤል345 በአይስኩዌርድሲም መነጋገር ይችላል። የሚመርጠው በቺፕ ሰሌክቱ ነው፤ መስመሩ ዝቅ ሲል ኤስፒአይ፣ ከፍ ሲል አይስኩዌርድሲ። ፍላሹን ስታናግር የሴንሰሩ ቺፕ ሰሌክት ከፍ ብሏል። ሴንሰሩ ግን አልተኛም፤ በሌላኛው ቋንቋ እየሰማ ነው። ክሎኩ ከፍ ባለበት ጊዜ ሞሲ ቢወርድ እሱ እንደ አይስኩዌርድሲ መነሻ ሊወስደው ይችላል። ቀጥሎ የሚመጡት ቢቶች በአጋጣሚ አድራሻውን ከመሰሉ መልስ ለመስጠት ባሱን ሊነካ ይችላል።

ዳታ ሺቱ ራሱ ይህን አንስቶ፣ ብዙ ቺፕ ባለበት ባስ ላይ ከሴንሰሩ የመረጃ መግቢያ በፊት አንድ የኦር ጌት እንዲገባ ይመክራል። አንዱ መግቢያ ሞሲ፣ ሌላው የሴንሰሩ ቺፕ ሰሌክት ነው። ቺፕ ሰሌክቱ ከፍ ሲል ጌቱ የሴንሰሩን መግቢያ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ የሚወርድ ነገር ስለሌለ መነሻ አያይም። ቺፕ ሰሌክቱ ሲወርድ ሞሲ እንዳለ ያልፋል። ቦርዱን ገና የምትሥል ከሆነ ጌቷን አሁን አስገባት። የተሠራ ቦርድ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ካስተካከልክ በኋላ ፍላሹንና ሴንሰሩን እያፈራረቅህ ለረጅም ጊዜ አንብብ፤ በየዙሩ የሁለቱንም መለያ አረጋግጥ። የዚህ ፍላሽ መለያ በ`0x9F` ሲጠየቅ `EF 40 17` ነው። የፍላሹ መለያ አልፎ አልፎ ተሳስቶ ከመጣ፣ የሴንሰሩም ምንጊዜም `0xE5` ከሆነ፣ ጌቷን ትፈልጋለህ ማለት ነው።

በመጨረሻ ሁለቱም ቺፕ ሰሌክቶች ላይ 10 ኪሎኦም ፑል አፕ አድርግ። ማይክሮኮንትሮለሩ ሲነሳ ፒኖቹ ገና መግቢያ ናቸው፤ መስመሮቹም የሚይዛቸው የለም። በ`setup` ውስጥም የትኛውንም ቺፕ ከማናገርህ በፊት የሁለቱንም መስመር ከፍ አድርግ። የፍላሹ ላይብረሪ ቀድሞ ተነስቶ የሴንሰሩ ፒን ገና ካልተዘጋጀ፣ ሁለቱ ቺፖች በአንድ ሚሶ ላይ እኩል ያወራሉ፤ ያኔ የምታየው ቁጥር ወደ ግራም ወደ ቀኝም የተንሸራተተ አይሆንም፤ የሁለቱ ድብልቅ ነው።